ለልደቷ ወርቅ፣ ልብስ ወይስ አንድ ቀን ሐረር?

የዛሬ አምስት ዓመት ለባለቤቴ ልደት ፍሪጅ ገዛሁላት። ባለ ሁለት በር፣ ብርማ ቀለም። ሁለት ጎረምሶች ተሸክመው ደረጃውን ሲያወጡት እኔ ከኋላ "ቀስ! ቀስ!" እያልኩ እከተላለሁ። የድሬን ሙቀት የቀመሰ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ትልቅ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር። እሷ በሩን ከፈተች፣ ዘጋች። "ጥሩ ነው" አለች። "አቦ፣ ቤቱን እንኳን ተወለድክ በለው።" ከዚያ ጨርቅ አነሳችና ውስጡን መወልወል ጀመረች። በገዛ ልደቷ ቀን።

ከተጋባን 19 ዓመታችን ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስጦታ አያስቸግርም፤ ያልሰጠኸው ነገር ብዙ ነው። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ሽቶው ተሰጥቷል፣ ሻርፑ ተሰጥቷል፣ ሐሳብ ያልቃል። ሐሳብ ሲያልቅ ደግሞ እግር ራሱ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ይወስዳል። እዚያ ዕቃው ትልቅ ነው፣ ካርቶኑም ትልቅ ነው፣ "ብዙ አወጣሁ" ለማለት ይመቻል።

ከፍሪጁ በኋላ ሌላ መንገድ ፈለግሁ። በአንድ በጀት ሊሠሩ የሚችሉ ሦስት ነገሮችን አነጻጸርኩ። ወርቅ፣ የተሰፋ ልብስ፣ እና ሐረር ሄዶ የሚዋልበት አንድ ቀን። ሁለቱን ሞክሬያቸው በየተራ ተሳስቼባቸዋለሁ።

መጀመሪያ የቆየውን መቁጠር

ሱቅ ከመውጣትህ በፊት እስካሁን የሰጠኸውን በወረቀት ጻፍ። እኔ ከ19ኙ ዓመት ያስታወስኩት 11 ብቻ ነው። ሻርፕ ሦስት ጊዜ፣ ሽቶ ሦስት ጊዜ፣ ቦርሳ ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጁስ መፍጫ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ አንድ ፍሪጅ። ከዚያ በየአንዳንዱ ጎን "አሁን የት ነው?" ብዬ ጻፍኩ። መልሱ አሳፈረኝ። ከሦስቱ ሻርፖች አንዱን እህቷ ወስዳዋለች፣ አንዱ ሻንጣ ውስጥ ነው፣ የምትለብሰው አንዱን ብቻ ነው። ቦርሳዎቹ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ምጣዱ፣ ጁስ መፍጫውና ፍሪጁ በየቀኑ ይሠራሉ፤ ከሦስቱ አንዱን ግን "የእኔ ነው" ስትል ሰምቼ አላውቅም።

ከዚህ ዝርዝር ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው የትኛው ዓይነት እንደተደጋገመ ነው። ሁለተኛውና የሚበልጠው ግን የትኛው እንደተወደደ ነው። መደጋገም ሁሉ ጥፋት አይደለም። በየዓመቱ የልደቷ ዕለት ጠዋት ከዚራ ዛፎቹ ሥር ቁጭ ብለን ማኪያቶ እንጠጣለን። ይህን አንድ ዓመት ብተወው ትቀየመኛለች። የሰለቻት ሳያስቡ የተደገመው ነው። ሦስተኛው ሻርፕ ከሁለተኛው በቀለም እንኳን አይለይም ነበር።

ቀኑን ራሱንም አጣራ። በፈረንጅ አቆጣጠር የሚያከብር ሰው ካለ ይህን ልብ ይበል። የባለቤቴ ልደት ጥቅምት 12 ነው። ይህ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 22 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግሥት ባለው ዓመት ግን ኦክቶበር 23 ይሆናል። በ2016 እንዲያ ነበር። ስልኬ በፈረንጁ አስታውሶኝ አንድ ቀን ቀድሜ "እንኳን ተወለድሽ" ብያታለሁ። መቅደሙ ደህና ነው። ቢያረፍድስ?

ዕቃው ምን አጠፋ?

የቤት ዕቃ መጥፎ ነገር አይደለም። ልብስ ማጠቢያ ማሽን የሴትን ወገብ ያድናል። ችግሩ የተሰጠበት ቀን ነው። ምጣድ "ጋግሪ" ይላል፣ ጁስ መፍጫ "ጭመቂ" ይላል። ስጦታ ተብሎ የመጣው ነገር ነገ ጠዋት ሥራ ሆኖ ይጠብቃታል። በዚያ ላይ ፍሪጁ ልደት ባይኖርም መገዛቱ አይቀርም ነበር። እሷም ይህን ታውቃለች። የቤት ወጪ በወረቀት ተጠቅልሎ እንደመጣ ነው የምታየው።

እኔ አሁን የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። ይህ ነገር ዛሬ ቢሰበር የሚቸገረው ማን ነው? መልሱ "ሁላችንም" ከሆነ የቤት ዕቃ ነው። በደመወዝ ሰሞን ግዛው፤ ለልደት አታቆየው። መልሱ "እሷ ብቻ" ከሆነ ስጦታ ነው። ለዚህ ነው የስፌት መኪና አንዳንዴ ስጦታ የሚሆነው። ለራሷ ደስታ የምትሰፋና ስሙንና ሞዴሉን ጠርታ "ይህን ብይዝ" ያለች ሴት ካለች፣ አቦ ግዛላት።

ለባሎች የሚገዙ ሚስቶችም ከዚህ አያመልጡም። የእነሱ ፍሪጅ ካልሲና የሥራ ሸሚዝ ነው። እኔ በተከታታይ አራት ዓመት ሸሚዝ ተሰጥቶኛል። አንድ ዓመት ጥሩ ጥጥ ሽርጥ ሰጠችኝ፤ እስኪቀደድ ድረስ ከላዬ አልወረደም።

ወርቅ፦ አዲስ ከመግዛት የቆየውን ማሠራት

ወርቅ ሲባል ሁሉም የሚያስበው አዲስ መግዛት ነው። ብር ካለህ ግዛ። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን በእያንዳንዱ ቤት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ነገር አለ። ጥንዱ የጠፋ የጆሮ ወርቅ፣ የተበጠሰ ሐብል። የእኔ ባለቤት አንድ የጆሮ ወርቋን በሰው ሠርግ ላይ ስትጨፍር ጥላዋለች። ሌላኛው ለብቻው ስምንት ዓመት ተቀመጠ።

የሂሳቡ አሠራር እንዲህ ነው። ወርቁ ላይ 750 የሚል ማኅተም ካለ 18 ካራት ነው። ከ1,000 እጅ 750ው ንጹሕ ወርቅ፣ የቀረው ሌላ ብረት ነው ማለት ነው። 875 ካለ 21 ካራት ነው። አንዱ የጆሮ ወርቅና የተበጠሰው ሐብል አንድ ላይ 4.2 ግራም መዘኑ፤ ሁለቱም 18። 4.2 በ0.75 ሲባዛ 3.15 ግራም ንጹሕ ወርቅ ይሆናል። ይህንን ወደ 21 ካራት ልለውጠው ብትል 3.15 ለ0.875 ይካፈላል፤ 3.6 ግራም ታገኛለህ። ክብደቱ የቀነሰው ወርቅ ስለጠፋ አይደለም፣ ሌላው ብረት ስለቀነሰ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሁለት ዓይነት አደጋ አለበት። ወይ ያልሰረቀውን ሰው ሌባ ይላል፣ ወይ 3 ግራም ሲሰጡት "እንዲያ ነው አሠራሩ" ብሎ ተቀብሎ ይሄዳል። በማቅለጥና በመሞረድ ጥቂት መባከኑ አይቀርም። ምን ያህል እንደሚቀነስ ግን ሥራው ሳይጀመር ተነጋገር፤ ከዚያ ቀድሞም ኋላም ዓይንህ እያየ ይመዘን።

21 ቀለሙ ያምራል፣ ግን ለስላሳ ነው። ቀለበት ሠርተህ እሷ በየቀኑ ድስት የምታጥብበት ከሆነ 18 ይሻላል፤ ቶሎ አይጣመምም። ለጆሮ 21 ይሆናል። እንዳለ 18 ሆኖ ከተሠራ ደግሞ የመለወጡ ሂሳብ የለም፤ 4.2ቱ ግራም ከብክነቱ በቀር እዚያው ነው።

አንድ ጊዜ አዲስ ቀለበት ስገዛ ተታልያለሁ። ሻጩ የመዘነው ከነድንጋዩ ነበር። ድንጋዩን በወርቅ ዋጋ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ያለው ጌጥ ሲመዘን "የድንጋዩ ክብደት ስንት ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ፣ ደረሰኙ ላይም ግራሙና ካራቱ ለየብቻ እንዲጻፍ አደርጋለሁ። የእጅ ዋጋውንም ለየብቻ አስጽፍ። መልሰህ ስትሸጥ የእጁን ማንም አይከፍልህም፤ ስለዚህ ብዙ ጥልፍልፍ ያለው ትንሽ ጌጥ እንደ ገንዘብ ማስቀመጫ አይታሰብ።

ወርቅ ላይ ትልቁ ስህተት ግን ከሂሳብ ጋር አይገናኝም። በድብቅ ማቅለጥ ነው። የተበጠሰ መስሎ የሚታይህ ሐብል እናቷ ያሰረችላት ሊሆን ይችላል። ወርቅ ከቀለጠ አይመለስም። ስለዚህ የማን እንደነበረ በእርግጠኝነት ካላወቅህ ወይ ጠይቃት፣ ወይ ተወው። ከጠየቅሃት ደግሞ ድንገተኛነቱ ቀረ፤ ግን እሷ የወደደችውን ቅርፅ ትመርጣለች። እኔ የጠፋውን የጆሮ ወርቅ ታሪክ አውቀዋለሁ፣ ሐብሉንም ራሴ ነበርኩ የገዛሁት። ለዚህ ነው እጄን ያሳረፍኩበት።

ቀለበት ከሆነ ልክ አለ። በዚያው ጣት የምታደርገውን ሌላ ቀለበት ወስደህ ውስጡን ወረቀት ላይ በእርሳስ ክበብ። የሠርግ ቀለበቷን ግን አትመን። ከ19 ዓመት በኋላ ጣት ያው ጣት አይደለም፤ በድሬ ሙቀት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ያብጣል።

ልብስ፦ ልኩ ላይ ነው ነገሩ

ልብስ ከወርቅ በጣም ያነሰ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ከወርቅ በላይ ደግሞ ያጋልጥሃል። ተዘጋጅቶ የተሰቀለ ቀሚስ ስትገዛ ልኳን እንደምታውቅ እየመሰከርክ ነው። ትልቅ ከገዛህ "እንዲህ ነው የምታየኝ?" ትላለች። ትንሽ ከገዛህ ደግሞ ዝም ትላለች፤ እሱ ይብሳል። ስለዚህ ከተሰቀለው ይልቅ ጨርቅ ገዝቶ ማሰፋት ይሻላል እላለሁ።

ለዚህ ከሐረር የተሻለ ቦታ አላውቅም። ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ታች የሚገባው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ሰፊዎቹ በየበሩ ተቀምጠዋል፣ ጨርቅ ሻጮቹ እዚያው አጠገባቸው ናቸው። ጨርቁን ከዚህ ትገዛለህ፣ ከዚያ ታሰፋለህ። ቀለል ያለ ሥራ ጠዋት ተሰጥቶ ከሰዓት ይደርሳል። ከበዓልና ከሠርግ ሰሞን በፊት ግን ወረፋ አለ፤ ኢድ ሊደርስ ሲል ሄደህ "ዛሬ" ብትል ይስቁብሃል።

በድብቅ ለማሰፋት ልኳን እንዴት ታገኛለህ? አሁን የምትለብሰውን፣ በዚህ ወር ያየህባትን ቀሚስ ውሰድ። እኔ መጀመሪያ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ሲታጣ እንዳይታወቅ ብዬ ከቁም ሳጥኑ ጥግ የተሰቀለውን ወሰድኩ። የተሰቀለው ግን ስለጠበባት ነበር። አዲሱም ልክ እንደ እሱ ጠበበ። ሰፊው ቀሚሱን ዘርግቶ ትከሻውን፣ ደረቱን፣ ወገቡን፣ ዳሌውንና ቁመቱን ይለካል። አንተ የምትጨምረው አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው። በጎንና በጎኑ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ትርፍ ይተውበት። ቢጠብ ይለቀቃል። ቆርጦ ከጣለው ግን መድኃኒት የለውም።

ለድሬ የሚሆነው ጥጥ ነው። ሻጩ ሁሉንም "ጥጥ ነው" ይልሃል። ከጠርዙ አንድ ክር ምዘዝና በክብሪት ለኩስ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ የሚተወው አመድ በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ጨሌ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። የተደባለቀ ከሆነ ሁለቱም ይታይበታል። ንጹሕ ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ሳይቆረጥ በፊት ውሃ ቢነካው ጥሩ ነው። ይህ ደግሞ አንድ ቀን ይጨምራል። ቀን ከሌለህ ቁመቱን አስረዝመው፣ እጥፋቱንም ሰፋ አድርገው።

ድሪያ ልግዛላት የሚል ካለ፣ ልክ አያስጨንቅም፣ ሰፊ ነው። ግን ለቤት የሚለበስ ድሪያ በየቤቱ አራት አምስት አለ። ለሠርግ የሚሆነውን፣ ከነውስጥ ልብሱ፣ ካልገዛህ ተደጋገመ ማለት ነው።

አንድ ቀን፦ የማይቀመጥ ስጦታ

ሦስተኛው ምርጫ ምንም የሚጠቀለል ነገር የለውም። ወንዶች ለዚህ ነው የምንሸሸው፤ ምን አሳየሁ እንላለን። ሐረር ከድሬ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። ደንገጎን ስትወጣ አየሩ ይቀየራል። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ከድሬ በላብ የወጣች ሴት እዚያ ስትደርስ ነጠላዋን ትፈልጋለች፤ አስታውሳት።

ቀኑ እንዴት ይበላሻል? የመጀመሪያው ልጆች ናቸው። ልጆቹ ከመጡ የምትውለው "ውሃ ጠማኝ" ስትሰማ ነው። ለአያታቸው ስጥ። ሁለተኛው ዘመድ ነው። እኔ የዛሬ ሦስት ዓመት ሐረር ድረስ ወስጃት "አክስቴን ሰላም ብለን እንለፍ" አልኩ። የዘመድ ቤት አይታለፍም። ምሳ ሳይበላ አይወጣም ተባለ፤ እኔ ሳሎን ከአጎቴ ጋር ተቀመጥኩ፣ እሷ ማድ ቤት ገብታ ሽንኩርት ከተፈች። ፍሪጁን በሌላ መንገድ እንደገና ሰጠኋት ማለት ነው።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። በእኩለ ቀን ብዙው ሱቅ ይዘጋጋል፣ ዓርብ ደግሞ ጁምዓ አለ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሐረር ካልደረስክ ለስፌቱም ለገበያውም አይበቃህም። ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲበላ ማየት ከፈለገች ትርኢቱ የሚጀምረው ከመሸ በኋላ ስለሆነ ወደ ድሬ ለመመለስ አትቸኩል፤ አልጋ ያዝ። ይህን ቀድሞ ያላሰበ ሰው ሰባት ሰዓት ሳይሞላ "መኪና እንዳናጣ" ማለት ይጀምራል። የሚቻኮል ሰው አጠገብ ማንም አይዝናናም።

ታዲያ የትኛው?

ገንዘቡ ካለና ለዓመታት እንዲቀመጥ ከፈለግህ ወርቅ። እሷ ልብስ የምትወድ ከሆነችና አንተ ልኳን የማታውቅ ከሆነ በድብቅ አታሰፋ። እኔን ብትጠይቀኝ ድብቅነቱን ትቼ ሁለቱን አንድ ላይ አደርጋለሁ፤ ቀኑንና ልብሱን። የልኩ ጣጣ ያኔ ራሱ ይፈታል፣ ምክንያቱም ባለቤቷ እዚያው ቆማለች።

ባለፈው ዓመት እንዲያ አደረግን። ልጆቹ እናቴ ጋ፣ አክስቴ ጋ ስልክ ብቻ። በጠዋት ወጣን፣ መጀመሪያ ቡና ጠጣን፣ ከዚያ መኪና ግርግር። ጨርቅ ስትመርጥ አንድ ሰዓት ፈጀባት፤ ደጃፍ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት፣ አንዴም ሰዓቴን አላየሁም። ማለቴ፣ አንዴ አየሁ። ሰማያዊ ጥጥ መረጠች። እኔ ብሆን ቡኒውን ነበር የምወስደው።

ሰፊው ሽማግሌ ናቸው። ትከሻዋን ለኩ፣ ደረቷን ለኩ፣ ቁጥሩን በጠመኔ ጨርቁ ላይ ጻፉ። ከዚያ እሷ ጎንበስ ብላ "አባባ፣ ኪስ ያድርጉበት። በሁለቱም ጎን። ጥልቅ ይሁን" አለቻቸው።

እኔ ዞር ብዬ አየኋት። "ኪስ?"

"አዎ፣ ኪስ" አለች። "ይኸው 19 ዓመት ሙሉ ስልኬን በእጄ ይዤ ነው የምዞረው።"

አሥር ሰዓት ላይ ደረሰ። እዚያው ለብሳው ወጣች፣ ሁለቱንም እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከታ በፈረስ መጋላ በኩል ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። ነጠላዋን እኔ ያዝኩላት።